«ደርሷል» እና «ተረክበናል»

የቀድሞ ተማሪዬ ትናንት ማታ ደወለ። አሁን የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ለአንድ ድርጅት 40 ወንበር ካደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ቀሪው 30 በመቶ ክፍያ ግን አልተለቀቀም። የሠራተኞቹ ደመወዝ ከዚያው ነው።

«ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ኢሜይል ይዩልኝ» አለኝ።

«ዕቃው ደርሷችኋል ብለን እናምናለን። ክፍያችንን በአስቸኳይ ልቀቁልን» ይላል።

በውላቸው መሠረት ሒሳብ ክፍሉ ብር የሚለቀው የርክክብ ማረጋገጫ በጽሑፍ ሲያገኝ ነው። ይሄ ኢሜይል ደግሞ ማረጋገጫ አልጠየቀም። «አዎ፣ ደርሷል» ቢሉት እንኳ ዕቃው በር ላይ ወርዷል ማለት እንጂ ቆጥረን ተረክበናል ማለት አይደለም።

አብረን እንዲህ አስተካከልነው፦

«ሰኔ 3 ቀን ያደረስንላችሁን 40 ወንበሮች ቆጥራችሁ በደህና መረከባችሁን ለዚህ ኢሜይል በምትሰጡት መልስ እንድታረጋግጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የጎደለ ወይም የተበላሸ ካለ ብዛቱን ግለጹልን። ቀሪው ክፍያ በውላችን መሠረት የሚለቀቀው ይህ ማረጋገጫ ሲሰጥ ነው።»

ለሒሳብ ክፍሉም ግልባጭ አደረግን።

«የተበላሸ ካለ» የሚለውን ፈርቶት ነበር። «ሰበብ አንሰጣቸውም?» አለኝ። እኔ ደግሞ ቅሬታ ያለው ሰው መናገሪያ ካጣ ዝም ብሎ ሁሉንም ያቆየዋል አልኩት።

ዛሬ መልስ መጣ፦ «38ቱን በደህና ተረክበናል። የ2ቱ እግር ይነቃነቃል።»

ለካ የሦስት ሳምንቱ ዝምታ ይሄ ነበር። ነገ መዶሻና ኮላውን ይዞ ይሄዳል።