በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ንባቡ የት ላይ ይቁም?

የማኅበራችን አንድ አባል ባለፈው ዐቢይ ጾም ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ በቦሌ ወገን በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከመፈንዳቱ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱን ይዞ ተሠቃይቷል። ሕመሙ በመጀመሪያ ከእምብርቱ ዙሪያ ተነሣ፤ ኋላም ወደ ቀኝ ጎኑ ታች ወረደ። ይህ የትርፍ አንጀት ሕመም የታወቀ አካሄድ መሆኑን ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ግን ፈተና ደርሶ ስለ ነበር እርሱ «ይለፈኛል» አለ፤ እኛም «ብርድ ነው» ብለን የዝንጅብል ሻይ አፍልተን አጠጣነው። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በሦስተኛው ቀን ልንጠይቀው ተነሣን። ሰባት ነበርን። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በመገናኛ በኩል ታክሲ እየለወጥን ስንደርስ የመጠየቂያው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንዱ ብርቱካን፣ ሌላው በፕላስቲክ ኮዳ ጭማቂ ይዟል። ለካስ አንጀቱ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ በአፉ ምንም እንዳይገባ ሐኪሞቹ ከልክለውታል! ብርቱካኑን ከራስጌው ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደርንለት፤ እርሱም እያየ መዋጥ ያማረውን ምራቁን ዋጠ።

ክፍሉ አራት አልጋ ያለው ሲሆን ሰባታችን አልጋውን ከበን ስንቆም ለነርሷ ማለፊያ ጠፋ። አንዳችን ከእግሩ በኩል አልጋው ላይ ዘፍ ቢል፣ የፍራሹ መናጥ እስከ ቁስሉ ደርሶ ፊቱን አኮማተረው። ይህ ሁሉ ግን ይቅር የሚባል ነው። ከባዱ ስሕተት የመጣው ከንባቡ ነው።

ያ ሳምንት የመጻጉዕ ሳምንት ነበር። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለው፣ 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር የተኛው ሰው ታሪክ ነው። ለሕመምተኛ ከዚህ የተሻለ ምን ይነበባል ብለን፣ እንዲያነብ የመረጥነው ወንድም ከቁጥር 1 ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነው። በአጠገቡ ባለው አልጋ የተኛ አንድ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ሰምቶ «ልጆቼ፣ እስቲ ጎላ አድርጉት፣ ለእኔም ይድረሰኝ» አለን። እኛም ደስ አለን። ያም ሰው የሚያግዘው ሰው እንደሌለው ሲናገር፣ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ፣ ሁሉም መልካም ሆነ። ታሪኩ በቁጥር 9 ላይ ተፈጽሟል። አንባቢያችን ግን አላቆመም፤ ከሰንበቱ ክርክር አልፎ ወደ ቁጥር 14 ደረሰ። በዚያ ቁጥር ጌታ የዳነውን ሰው በመቅደስ አግኝቶ፣ የባሰ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል ያስጠነቅቀዋል።

ወዳጃችን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኛ ሕመሙ የጸናበት መስሎን ጸሎት ጀመርን። የጸለየችው እኅት ስለ አገር ሰላም፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ማኅበሩ፣ ኋላም ስለ ሕሙማን ሁሉ እያለች ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። «ነገ ተነሥተህ እንደምትሄድ እናምናለን» ብለንም ተሰናበትነው። በማግስቱ ትኩሳት ተነሣበት። ነገ ትነሣለህ የተባለ ሰው በማግስቱ ትኩሳት ሲይዘው ምን እንደሚያስብ አስቡት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሁለታችን ብቻ ተመለስን። እጃችንን ታጥበን፣ ባዶ እጃችንን፣ አንገቱን ሳያዞር ሊያየን በሚችልበት በኩል ቆምን። ምን እንደተሰማው ስንጠይቀው ቀስ ብሎ «ያ ቁጥር ለእኔ ነው የተነበበው?» አለ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ መቆየቱ ኀጢአት መስሎት፣ ትኩሳቱም የዚያ ቅጣት መስሎት ሌሊቱን ሲያሰላስል ኖሯል። ሐኪሙ በጊዜ ቢመጣ ኖሮ አይፈነዳም ነበር ብሎታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መዘግየት አንድ ነገር ነው፣ በእግዚአብሔር መቀጣት ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ባለማወቅ ሁለቱን በአንድ ንባብ አጋጥመን ሰጠነው። ከዚህም በላይ «ብርድ ነው» ብለን ያዘገየነው እኛው ነን።

ይህንኑ ነገርነው። ዝንጅብሉን ስናነሣ ሊስቅ ቃጣው፤ ሳቅ ግን ቁስሉን ስለሚስበው ሆዱን በእጁ ደግፎ ተወው። ከዚያ ከዚያው ወንጌል ምዕራፍ 9ን ገልጠን ሦስት ቁጥር ብቻ አነበብን። በዚያ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የማን ኀጢአት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉን ዘጋን። ማብራሪያ አልጨመርንም። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲህ ይህንን ነበር ማንበብ» አለ።

«ስለ ምን እንጸልይልህ?» ብለን ጠየቅነው። ስለ ትኩሳቱ ይላል ስንል፣ ደሴ ያለችው እናቱ ገና አለመስማቷን ነገረን። እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆታል። በሦስት ዐረፍተ ነገር ይህንኑ ጸለይንና በአቡነ ዘበሰማያት ዘጋን። አቡነ ዘበሰማያትን ሕመምተኛው በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ጉልበት ካለው አብሮ ይላል፤ ከሌለውም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሽማግሌውም ከአልጋቸው ሆነው አብረውን አሉ። «እግዜር ይማርህ፣ አባባም እግዜር ይማርዎ» ብለን ስንወጣ፣ ከገባን አሥር ደቂቃ አልሞላንም። የጸበሉንና የመጽሐፈ ቀንዲሉን ነገር ለንስሐ አባቱ ተውነው፤ የካህን ሥራ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ለመጠየቅ የሚሄድ አባል የሚያነበውን ከማደሪያው ሳይወጣ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ የሚቆምበት ቁጥር አጠገብ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። መዝሙረ ዳዊትም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 120ኛው በሌላው 121ኛ ስለሚሆን ቁጥሩን ብቻ ተማምኖ የሚሄድ ሰው ሌላ መዝሙር ገልጦ ይደናገራል። ይህ መዝሙር ስምንት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለደከመ ሰው ይስማማል። 40ኛው (በሌላው 41ኛው) ስለ ሕመምተኛ ቢሆንም፣ በመካከሉ ሊጠይቅ መጥቶ በውጭ ክፉ የሚያወራ ጠላት ስላለበት፣ አልጋው ላይ የተኛ ሰው ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ እንዲመረምር ያደርገዋል። እኛ ትተነዋል።

ወዳጃችን ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ግቢ ከተመለሰ በኋላ፣ ስለዚያ የመጀመሪያ ቀን ጸሎት ምን እንደሚያስታውስ ጠየቅነው። «ሽንቴ ወጥሮኝ ነበር፤ እኅቶች ስለ ነበሩ ኮዳውን ለመጠየቅ አፈርሁ። ለአገር ሰላም ስትጸልዩ አሜን፣ ለፈተናው አሜን፣ ለማኅበሩ ስትደርሱ ግን ወይ አምላኬ አልሁ» አለን። ስለዚህ አሁን መጽሐፉን ከመግለጣችን በፊት «ጥቂት እንውጣልህ?» እንላለን፤ ወጥተንም በኮሪደሩ እንቆያለን።