«ስልኬ ሁሌም ክፍት ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለምን አስወጣናት?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከአምበር ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጎጥ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ አለ። ያስቆፈረው ፕሮጀክት ጊዜው አልቆ ሥራ አስኪያጁ ሊሄድ ሆነ። ከእንግዲህ ጉድጓዱ በአምስት የውሃ ኮሚቴ አባላት እጅ ነው፤ ሁሉም ያለ ደመወዝ ነው የሚሠሩት። እሱም የስንብት ደብዳቤ ጽፎ «መምህር፣ አማርኛውን እይልኝ» ብሎ አመጣልኝ።

አማርኛው ደህና ነበር። ሽማግሌዎቹን ያመሰግናል፣ ድንጋይ ያጋዙትን ወጣቶች ያመሰግናል፣ እንጀራ ያቀረቡትን እናቶች ያመሰግናል። መጨረሻው ላይ «ስልኬ ሁሌም ክፍት ነው፣ ችግር ሲገጥማችሁ ደውሉልኝ» ይላል። አንብቤ ስጨርስ «ኢንጂነር፣ ፓምፑ ውሃ አልሰጥ ባለ ቀን ይሄ ደብዳቤ ለኮሚቴው ምን ይነግረዋል?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ደውሉ ይላል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

ማስረከብ ለክልላችን አዲስ ነገር አይደለም። የፊንላንድ መንግሥት የደገፈው የገጠር ውሃ ፕሮግራም በአማራ ክልል ከ1994 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። በመሐል አንድ አሠራር አመጣ፦ የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችን አብቁተ በምንለው፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል በቀጥታ ለውሃ ኮሚቴው ይሰጥ ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው ነው፣ ግንበኛ የሚቀጥረውም ኮሚቴው ነው። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው በሚሄድ ቀን የሚያስረክበው ብዙ ነገር አይኖርም፤ ሰዎቹ ከመጀመሪያው ይዘውታላ! የእኛዋ ጎጥ ግን እንዲህ አልተሠራላትም። ገንዘቡንም ዕቃውንም ይዞ የቆየው ፕሮጀክቱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከምስጋና በላይ መሥራት ነበረበት።

የመጀመሪያው የጨመርነው ነገር አንድ ቁጥር ነው። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ኢንጂነሩ እንዳስረዳኝ አንድ ሙሉ ምት ግማሽ ሊትር የማይሞላ ውሃ ያወጣል። ከኮሚቴው ጋር ሄደን ውሃው መውረድ ከጀመረ በኋላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቀንና እጀታውን ሙሉ በሙሉ ከፍ ዝቅ እያደረግን ቆጠርን። በ48 ምት ሞላ። ይህቺ 48 ደብዳቤው ላይ በጉልህ ተጻፈች። በየወሩ መጀመሪያ እንዲሁ ይቆጠራል። ቁጥሩ ቀስ እያለ 55፣ ከዚያ 65 ካለ፣ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ እያለቀ ነው ማለት ነው። ጎሚኒው ትንሽ ዕቃ ነው። ይሄ ፓምፕ ደግሞ የተሠራው ቧንቧው ሳይነቀል ዘንጉን ብቻ ወደ ላይ ስቦ እንዲቀየር ነው። ሳይቆጠር የቆየ እንደሆነ ግን ሰው የሚነቃው ውሃው ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ሕመሙን መለየት ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄኛው ነው። «ውሃ እምቢ አለ» የሚባለው ነገር ሁለት ፍጹም የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጠዋት የመጀመሪያዋ ቀጂ ብዙ ጊዜ በባዶ ከመታች በኋላ ውሃ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ደህና ከዋለ፣ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ያደረው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል ማለት ነው። የታችኛው ቫልቭ ጎሚኒ ይቀየራል። ተቀይሮም ካልተሻለው ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ እያፈሰሰ ስለሚሆን ያ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

በተቃራኒው ጠዋት በደንብ ሰጥቶ ረፋድ ላይ ከቀጠነ፣ ደግሞ ትንሽ ሲያርፍ ከተመለሰ፣ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ያነሰው የጉድጓዱ ውሃ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚመጣው ይሄ ነው። ያን ጊዜ ፓምፑን መፍታት ጤነኛን ሰው እንደማከም ነው፤ ያውም ሲፈታ ቆሻሻ ይገባል፣ ብሎን ይጠፋል። መፍትሔው የመቅጃ ሰዓቱን ጠዋትና ማታ አድርጎ በመሐል ጉድጓዱን ማሳረፍ ነው። ደብዳቤው ላይ ይሄን በአንድ መስመር አሳጠርነው፦ «ጠዋት ክፉ፣ ቀን ደህና ከሆነ ቫልቩን እዩ። ጠዋት ደህና፣ ቀን ክፉ ከሆነ ጉድጓዱን አሳርፉ፣ ፓምፑን አትንኩ።» ከኮሚቴው አንዷ እናት ማንበብ አይችሉም፤ ሁለቴ ሰምተው በቃላቸው ያዙት።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። 52 ቤተሰብ በወር 10 ብር እንዲከፍል ተወስኖ ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ገበሬ ክረምት ላይ በየወሩ ብር ከየት ያመጣል? ሐምሌ ላይ የማይከፍል ሰው ደግሞ መስከረም ላይ ያኮርፋል። ስለዚህ ኮሚቴው ራሱ አሻሻለው፦ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ ጥር ላይ በአንድ ጊዜ 120 ብር። ሲደመር 6,240 ብር ነው። እንደ ዕድር በመዝገብ ይያዛል፣ በዚያው ሳምንት ባንክ ይገባል።

ባንኩ ላይ ግን አንድ ጉድ ተገኘ። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ሲሆን አንደኛው ፈራሚ ራሱ ኢንጂነሩ ነው! ደብዳቤው የፈለገውን ያህል ያማረ ቢሆን እሱ ከሄደ በኋላ ለአንድ ጎሚኒ መግዣ እንኳ ብር አይወጣም። ስለዚህ ደብዳቤው ከመነበቡ በፊት ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ባንክ ሄደው የእሱ ስም ወጥቶ የገንዘብ ያዥዋ ስም ገባ። ከዚያ በኋላ ነው «አስረክቤያለሁ» የሚለው ቃል የተጻፈው።

ቀረች ያቺ የስልክ ዓረፍተ ነገር። እሷን ሲሰርዝ እጁ ከበደው። እኔም ይገባኛል፣ ከልቡ ነው የጻፋት። ግን አስቡት፦ ፓምፑ ሲቆም ሰዎቹ ወደሱ ይደውላሉ፤ እሱ ሌላ ክልል ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም፤ እነሱ ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። በሷ ፋንታ ይሄ ገባ፦ «መጀመሪያ የሠለጠኑትን ሁለቱን ጠጋኞች ጥሩ። መፍቻውና መለዋወጫው ገንዘብ ያዥዋ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው። በሦስት ቀን ካልተሠራ ሊቀመንበሩ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያመልክት።» ምስጋናው አልቀረም፤ አራት መስመር ሆኖ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ወጣ፦ አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለወረዳ። የኮሚቴው ቅጂ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተለጥፏል።

ከእናንተ መሐል የውሃ፣ የመስኖ፣ የወፍጮ ወይም የመንገድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት የባንክ ደብተራችሁን አውጡና ፈራሚዎቹ እነማን እንደሆኑ እዩ። የሄደ ሰው ስም ካለበት ገና አልተረከባችሁም።