ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ለወላድ እናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። ስድስት ሳምንት ለሞላቸው ሕፃናት፣ ሲወለዱ ያነሣናቸውን ፎቶ በእናቶቻቸው ፈቃድ እየለጠፍን «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ለክትባት ኑ» እንላለን። ዓርብ እጽፈውና ለሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ እይዝለታለሁ። ስልኬ ቢዘጋም ቴሌግራም በሰዓቱ ይልከዋል።

አንድ ሰኞ የወጣው ፎቶ ቅዳሜ ሌሊት ያረፈ ሕፃን ፎቶ ነበር። አክስቱ ደውላ ስትነግረን አዋላጇ ወዲያው ከግሩፑ አጠፋችው። አንዱ ባልደረባችን «ይቅርታ እንጻፍ» አለ። እኔ እንቢ አልኩ፤ ሐዘኗን ላልሰሙት ሁሉ እኛ ልናረዳላት ነው? ይልቅ ቀጠሮ የተያዘላቸውን መልእክቶች ከፍተን ስናይ፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱም በሕፃኑ ስም ተራ ይጠብቃሉ። ሰረዝናቸው። ያን ባናይ ኖሮ ሁለት ጊዜ ደግመን እናቆስላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን ለቅሶ ደረስን። በስልኩ አላመካኘሁም። «ልጄ፣ ሳላጣራ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሲስተር፣ ፎቶውን ለምን አጠፋችሁት? እኔ ዘንድ እኮ ሌላ የለም።»

ደግነቱ አዋላጇ ስልኳ ላይ ነበራት። እዚያው ተቀምጠን ለእሷ ብቻ ላከችላት።