ሦስት ሰከንድ ለመጻጉዕ

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች አጫጭር ቪዲዮ ታያለች። (ዓይንሽ ሰው ስልክ ላይ ምን ወሰደው እንዳትሉኝ፤ ታክሲ ውስጥ የሁላችንም ዓይን የት እንደሚውል እንተዋወቃለን።) ድንገት የማውቀው ፊት ብቅ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር፣ ቀሲስ! ያውም እኔ ሌሊቱን ተቀምጬ ያቀናበርኩት ቪዲዮ። ቀሲስ «በስመ አብ» ብለው ጀመሩ። ልጅቷ ስልኩን ወደ ግራ እጇ አዛወረች፣ በቀኝ እጇ በአክብሮት አማተበች፣ ከዚያ… ገፋ አድርጋ አለፈችው።

እናላችሁ፣ ቤት ገብቼ ቪዲዮውን በሰዓት ለካሁት። መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዓርማ ከጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፦ 2 ሰከንድ። በስመ አብ፣ ቀሲስ ረጋ ብለው ነው የሚሉት፦ 6 ሰከንድ። «የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች እንደምን ሰነበታችሁ»፦ 4 ሰከንድ። «ዛሬ የምንማማረው ስለ መጻጉዕ ነው»፦ 3 ሰከንድ። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው 15ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ሩቡ በመግቢያ አልቋል ማለት ነው።

ቀሲስ አልተሳሳቱም። አዳራሽ ውስጥ ምእመኑ መጥቶ፣ ቦታ ይዞ፣ ተቀምጧል። በስመ አብ የመጣውን ሰው ለትምህርቱ ይሰበስበዋል። ስልክ ላይ ግን ማንም አልመጣም፤ እኛ ነን ሳንጠራ የሄድነው። በር ላይ ቆመን ነው የምንናገረው።

መፍትሔ ያልኩት የመጀመሪያው ነገር ያሳፍረኛል፤ ግን ልናገረው። ያንኑ ቪዲዮ ወስጄ ፊቱ ላይ የ3 ሰከንድ ቀይ ጽሑፍ ለጠፍኩበት፦ «ይህን ሳያዩ ካለፉ ይጸጸታሉ!» የቀረውን አልነካሁትም። በማግስቱ ስንት ሰው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንደቆየ የሚያሳየውን መስመር ከፈትኩ። እስከ 3ኛው ሰከንድ እንደ ሜዳ ተዘርግቷል። 4ኛው ላይ እንደ ገደል ወርዷል። ሰዎቹ የቆሙት ማስፈራሪያውን ሰምተው ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ዓርማ ሲሆን ሄዱ። ያ መስመር ሁለት ዓይነት በሽታ ያሳያል። መጀመሪያውኑ 1ኛው ሰከንድ ላይ ከወደቀ መክፈቻው ማንንም አልያዘም። ከ3ኛው በኋላ ከወደቀ ደግሞ መክፈቻው ይዟል፣ ግን የገባውን ቃል አልጠበቀም። የእኔ ሁለተኛው ነበር። (ቪዲዮውን ያዩት ጥቂት አሥሮች ብቻ ከሆኑ መስመሩን አትመኑት፤ አንድ ሰው ሲወጣ እንኳን ይዘላል።)

ቀሲስም አይተውት ኖሮ ጠሩኝ። «ልጄ፣ በስሙ ታስፈራሪያለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የትምህርቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነበር፦ «በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ እንደምናገኘው፣ በኢየሩሳሌም፣ ቤተ ሳይዳ በምትባለው መጠመቂያ ዳር፣ 38 ዓመት ሙሉ በሕመም ተይዞ የተኛ አንድ ሰው ነበር።» ችግሩ የት እንዳለ ያየሁት ጮክ ብዬ ሳነበው ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰውዬው ምን እንደሆነ የምንሰማው ምዕራፉን፣ ከተማውንና መጠመቂያውን አልፈን ነው። 3 ሰከንድ ላይ የደረሰ ሰው ገና «በኢየሩሳሌም» ላይ ነው፤ የሰማው አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቻው አጭር መሆን ብቻ አይበቃውም፤ ግሱ በ3ቱ ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት።

ሦስት ሙከራ ጻፍኩ። አንደኛው፦ «38 ዓመት የታመመው ሰው ተፈወሰ።» ይህ ጋዜጠኝነት ስማር የተገረፍኩበት የዜና መግቢያ ነው። ለዜና ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ሁሉንም ነግሮ ሰውን ያሰናብታል። ሁለተኛው፦ «ብቸኝነት ይሰማችኋል?» አንባቢው «አይ» ብሎ ያልፋል፤ «አዎ» ያለውም ማን እንደሚያወራው አያውቅም። ሦስተኛው፦ «38 ዓመት ተኝቷል። የሚያነሳው ሰው የለውም።» ሁለት ግስ፣ አንድ ሰው፣ ያልተዘጋ ነገር። ቀሲስ ሲሉት 3 ሰከንድ ከትንሽ ነው። ይህን ያዝኩ።

ዋናው ግን 4ኛው ሰከንድ ነው። እዚያ ላይ ወደ ሰላምታ ከተመለስን የቀዩ ጽሑፍ ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ ሰውዬውን ሳንለቅ ቀጠልን፦ «ውኃው በተናወጠ ቁጥር ሌላው ይቀድመዋል።» ከዚያ ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» በማለት ፈንታ ሰው እንደሌለው መናገሩ መጣ፤ የቀሲስ ትምህርትም እዚያ ላይ ነው። ምዕራፍና ቦታው የት ሄደ? 20ኛው ሰከንድ ገደማ፣ ሰው ማወቅ በፈለገበት ሰዓት ገባ።

ለዓይን ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ አደረግኩ። ዓርማውን ወደ መጨረሻ ወስጄ የመጀመሪያው ምስል የቀሲስ ፊት ሆነ፣ አፋቸው ቃሉን ሊጀምር ሲል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አጥብቄ ስቆርጠው «ሠላሳ» የሚለው «ላሳ» ሆኖ ነበር። ሁለተኛ፣ «38 ዓመት ተኝቷል» የሚለውን በትልቁ ጻፍኩት፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያየው ብዙ ነውና። ጽሑፉ ከመሃል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ታችኛውን ክፍል መግለጫው፣ ቀኝ ጎኑን የልብና የአስተያየት ምልክቶች ይሸፍኑታል።

የቀረው በስመ አብ ነው። ልቁረጠው ብዬ ለመጠየቅ እንኳን ፈራሁ። አንድ ዘዴ አሰብኩ፦ በትንሹ ጥግ ላይ ብጽፈውስ? ቀሲስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሙን ጌጥ አታድርጊው» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እኔ ስሙን ሳልጠራ አልጀምርም። አንቺ ግን ካሜራውን መቼ እንደምትከፍቺ አልነገርኩሽም።»

አሁን እንዲህ ነው የምንቀርጸው። ሁላችን እንቆማለን፣ በስመ አብ ሙሉውን ይባላል፣ እናማትባለን፣ ከዚያ ካሜራው ይከፈታል። መጨረሻ ላይ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ሳይቆረጥ ይገባል፤ እስከዚያ የቆየ ሰው መጥቶ ተቀምጧልና። በዚህ የማይስማሙ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉ፤ ክርክራቸው አይናቅም። እኔም ረጅሙን፣ የአዳራሹን ትምህርት አንድ ፊደል አልነካበትም።

አዲሱ መስመር ገደል የለውም፤ እንደ ዳገት ቁልቁል ቀስ እያለ ይወርዳል። ማን እንደተጽናና ግን አይነግረኝም። እሱን ለማወቅ እንደገና የሰው ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሊኖርብኝ ነው።

ቸር እንሰንብት!