ከጠረጴዛ ወደ መዳፍ
እ.ኤ.አ. በ2013 ሉካስ ፖፕ ለኮምፒውተር ባወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ተጫዋቹ የድንበር ኬላ መኮንን ሆኖ የመንገደኞችን ሰነድ ያመሳክራል። የጨዋታው ምስል ወርዱ 570፣ ቁመቱ 320 ነጥብ ነው። ሰባት ሴንቲሜትር ስፋት ባለው፣ ቀጥ ብሎ በተያዘ ስልክ ላይ እንዳለ ቢቀመጥ ቁመቱ አራት ሴንቲሜትር አይሞላም፤ የልደት ቀን አይነበብም፣ ማውስ የሚለየውንም መስመር ጣት ይሸፍነዋል።

በ2022 ለስልክ የወጣው እትም ስለዚህ ምስሉን ከማሳነስ ይልቅ ቦታውን እንደ አዲስ ደለደለ። መንገደኛው ከላይ ሆነ፤ ሰነዶቹ ከታች ተሰልፈው በጣት እየተገፉ የሚታዩ ሆኑ።

ይህ ግን ዋጋ አለው። በኮምፒውተሩ ላይ ተጫዋቹን ያስጨንቀው የነበረው የጠረጴዛው ጥበት ነው፤ ሰዓቱ እየሮጠ ወረቀት በወረቀት ላይ ይደራረብበታል። ሰልፉ ይህን ዝርክርክነት ያቃልለዋል። በምትኩ ተጫዋቹ ሁለተኛውን ሰነድ እስኪያገኝ የመጀመሪያውን በልቡ መያዝ አለበት። ድካሙ ከእጅ ወደ ትውስታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በእንዲህ ያለ ዝውውር የመጨረሻው ሥራ ፍጥነትን መመጠን ነው። ምስሉ ጸጥ ሲል በሰከንድ 30 ጊዜ መሳሉ ባትሪ ይቆጥባል፤ ጣት ወረቀት ሲጎትት ግን 60 ያስፈልጋል፣ አለዚያ ወረቀቱ ከጣቱ ወደኋላ ይቀራል። ስልክ ሲግል ራሱን ስለሚያዘገይ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ፈተና ያታልላል፤ እውነቱ የሚታየው ከሃያ ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ነው።