ስድስት ስም፣ አንድ አደጋ



የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በየወሩ ከደመወዜ የማስቀምጠውን ገንዘብ ራሴ የጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም ለስድስት ሐላል ፈንዶች ያከፋፍለዋል። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ለእናቴ ሐጅ የማጠራቅመው አለበት። ፕሮግራሙ ከመግዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲመልስ አድርጌዋለሁ፦ «እነዚህ ስድስቱ በእርግጥ ስድስት ናቸው ወይ?»

ጥያቄው ለእኛ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የሸሪዓ ማጣሪያ በወለድ የሚሠሩ ባንኮችን፣ መደበኛ ኢንሹራንሶችን፣ አልኮል አምራቾችን ያስወጣል። ዕዳ የበዛባቸው ኩባንያዎችም ይወጣሉ። ባህሬን ያለው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት በመስፈርቱ የወለድ ዕዳ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። ከማጣሪያው በኋላ በብዛት የሚተርፉት ዕዳቸው ቀላል የሆነ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ናቸው። ስለዚህ የተለያየ ስም ያላቸው ሐላል ፈንዶች ሲከፈቱ ውስጣቸው የሚገኙት ብዙ ጊዜ እነዚያው ናቸው።

የመጀመሪያው ምርመራ ፈንዱን ከፍቶ ውስጡን መቁጠር ነው። ለምሳሌ 10,000 ዶላር አለን እንበል። 40 በመቶው በአንድ የአሜሪካ ፈንድ፣ 30 በመቶው በሌላ፣ 20 በመቶው በቴክኖሎጂ ፈንድ፣ የቀረው በሱኩክ ነው። ኤንቪዲያ በመጀመሪያው ውስጥ 14 በመቶ፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 20 ቢይዝ፣ ከጠቅላላው ገንዘብ ድርሻው 5.6 ሲደመር 3.6 ሲደመር 4፣ ማለትም 13.2 በመቶ ይሆናል። ስልካችን ላይ የኤንቪዲያ ስም የለም፤ ግን 1,320 ዶላራችን እዚያ ነው። የእኔ ፕሮግራም አንድ ኩባንያ በዚህ ስሌት ከ10 በመቶ ካለፈ አዲስ ገንዘብ ወደዚያ አይልክም።

ይህ ግን የሚይዘው ስማቸው አንድ የሆኑትን ብቻ ነው። ኤንቪዲያ የአሜሪካ፣ ቺፑን የሚያመርትለት ቲኤስኤምሲ የታይዋን፣ ለቲኤስኤምሲ ማሽን የሚሠራው ኤኤስኤምኤል የኔዘርላንድ ነው። ሦስት አገር፣ ሦስት ኩባንያ፣ አንድ ሥራ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 የቻይናው ዲፕሲክ ወሬ ሲሰማ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን 17 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ኒውዮርክ ላይ የሚሸጡት የሁለቱ አክሲዮኖችም አብረው ወደቁ።

ይህን የሚያሳየው ተዛምዶ ነው። ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ እኩል አብረው ከሄዱ 1፣ ካልተያያዙ 0 ይሆናል። የሁሉንም ጥንዶች አማካይ r ካልን፣ የፈንዶቹን ብዛት ደግሞ n፣ ስሌቱ ይኸው፦

```
n / (1 + (n - 1) * r)
```

ስድስት ፈንዶች በአማካይ 0.9 ከተዛመዱ ውጤቱ 1.1 ነው። ስድስት ገዝተን የያዝነው አንድ ነው ማለት ነው። ተዛምዶው 0.3 ቢሆን 2.4 ይሆናል። ስሌቱ ገንዘቡ እኩል እንደተከፋፈለና የሁሉም መዋዠቅ ተመሳሳይ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያስብ ግምት ነው፤ ለማስጠንቀቂያ ግን ይበቃል።

ቁጥሩ የሚያታልልባቸው ቦታዎች አሉ። ፈንዱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች በየአገራቸው ገበያ ዋጋ በየቀኑ ከለካን፣ ታይፔ ሲዘጋ ኒውዮርክ ገና ሌሊት ስለሆነ የዛሬው የኒውዮርክ መውደቅ ታይፔ ላይ የሚታየው በማግስቱ ነው። ያልተዛመዱ ይመስላሉ። ለዚህ ነው በሳምንት የምለካው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚገበያይ ሱኩክም እንዲሁ ዋጋው ስለማይንቀሳቀስ የተረጋጋ ይመስላል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ተዛምዶ በሰላም ጊዜ ዝቅ ብሎ በጭንቅ ጊዜ ይወጣል። በማርች 2020 ሁሉም ጥሬ ገንዘብ ሲፈልግ ወርቅ እንኳ ለቀናት ከአክሲዮን ጋር ወርዷል። ስለዚህ የአንድ ዓመቱንና የቅርብ አሥር ሳምንቱን አስልቼ ከፍተኛውን እወስዳለሁ። ዝቅተኛውን ብወስድ ፕሮግራሙ «አደጋው ቀንሷል» ብሎ አብዝቶ ይገዛ ነበር።

ፕሮግራሙ የማያየው ሰባተኛ ፈንድም አለ፤ ደመወዜ። የምሠራው ሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። ቴክኖሎጂ ሲወድቅ ሥራዬም ቁጠባዬም በአንድ ሳምንት ሊናወጡ ይችላሉ። ይህን በእጄ አስገብቼ ነው ድንበሩን ያጠበብኩት፤ ውጤቱ ከ2 በታች ሲሆን ፕሮግራሙ ምንም ሳይሸጥ የወሩን ገንዘብ ወደ ሱኩክና ወርቅ ያዞራል።

የእናቴ ሐጅ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚከፈል ስለሆነ ያ ገንዘብ አክሲዮን ፈንድ ውስጥ አይገባም፤ የአጭር ጊዜ ሱኩክ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የልጆቹ ሃያ ዓመት መጠበቅ ይችላል፤ የእሷ አይችልም።

ወላሁ አዕለም።