አልጠባ አለ

ሁለቱም ቋንቋዎች አፌን የፈታሁባቸው ናቸው። ያደግሁት ቡራዩ ነው፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ መንገድ ላይ አማርኛ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ በአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ ከተጠቃለሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ፣ ከዚያም ወዲያ ካለው ገጠር ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች አማርኛው ሲያጥራቸው፣ የሕፃናት ትሪያጅ ላይ ያለችው ሲስተር ታስጠራኛለች። ማስተርጎም ያስተማረኝ ሰው የለም። የምናዘዘው ግን ቃል ስለማጣት አይደለም። ንግግሬ ለአማርኛ ሰሚ እንዲጥም ስል የእናትየውን ነገር ማለስለስ ይቀናኛል።

ከሱሉልታ ማዶ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። የዘጠኝ ወር ወንድ ልጇን ተቅማጥ ይዞታል። «ከሌሳ ቦኣ ቱሬ፣ ሀርአ ጨሊሴ። ሆዹ ደዸቤ» አለችኝ። ምላሴ ላይ ቀድሞ የመጣው «ትናንት ያለቅስ ነበር፣ ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ አልጠባም አለ» የሚል ነበር። ቃል በቃል ቢያዩት ስህተቱ አይታይም። ነገር ግን በአማርኛ ሲያለቅስ የነበረ ልጅ ጸጥ አለ ሲባል ሰሚው እፎይ ይላል። «አልጠባም አለ» ደግሞ እምቢታንም አቅም ማጣትንም ባንድ ያጠቃልላል። እናትየው እነዚህን ሁለቱን አልቀላቀለችም። እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ «ሆዹ ዲዴ» ትል ነበር። «ደዸቤ» ብቻውን ሲነገር ደከመ ማለት ነው፤ ከመጥባት ጋር ሲያያዝ ግን አቃተው ይሆናል።

ልዩነቱ ሲስተሯ ከምትሠራበት መመሪያ ጋር ይገናኛል። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ወረፋ አይጠብቅም። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ሲነጫነጭ፣ ዓይኑ ሲሰረጉድ፣ ኩባያ ሲያይ በጥማት ሲንሰፈሰፍ ፈሳሽ እንዳጠረው ያሳያል። ለእሱ ኦአርኤስ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ተሰልቶ በአራት ሰዓት ይሰጠዋል፤ 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 600 ሚሊ ሊትር፣ በኩባያ፣ ቀስ እየተባለ። መነጫነጩን ትቶ ሲፈዝና መጠጣት ሲያቅተው ግን ፈሳሹ የሚሰጠው በደም ሥር፣ ወዲያውኑ ነው። እናትየው በ«ትናንት» እና በ«ዛሬ» የነገረችኝ ልጇ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ማለፉን ነበር።

እንዲህ ብዬ ተረጎምሁ፦ «ትናንት ያለቅስ ነበር። ዛሬ ማልቀሱንም ትቷል። መጥባት አቅቶታል ነው የምትለው።» ሲስተሯ «እምቢ ብሎ ነው፣ ወይስ አቅቶት?» ብላ አጣራች። መልሱ አፌ ላይ ስለነበር ራሴ ልመልስላት ምንም አልቀረኝም። ይህ ሌላው ድካሜ ነው፤ የተነገረኝን ገና ሳልጠይቅ ያወቅሁት ይመስለኛል። ዞሬ እናትየውን ጠየቅኋት፤ ያንኑ ደገመችው። ሲስተሯ «እስቲ እዚሁ ታጥባው» አለች። አፍንጫው የታፈነ ልጅም ጡት እየያዘ ስለሚለቅ መጀመሪያ አፍንጫውን አየች፤ ንጹሕ ነው። የጡቱን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገቡለት እንጂ ልጁ አልሳበም። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣ ስትለቀው ከሁለት ሰከንድ በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ወዲያው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ «ላፌ» ስባል «ደከመ» ብዬ አላልፍም። ቃሉ ልስላሴንም ድካምንም ይይዛል፤ ስለዚህ እናትየው ምን እንዳየች እጠይቃለሁ። ሲያነሡት አንገቱን ይጥላል? ስትጠራው ዓይኗን ያያል? ለጡት ሲነቃ ነቅቶ ይቆያል? እናት እነዚህን ለመመለስ ብዙ አታስብም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታያቸው አድራለች። መልሷን በተናገረችበት ቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ቃሉ ሁለት መንገድ ካለውም ለሲስተሯ ሁለቱንም እነግራታለሁ። ንግግሬ ይንዛዛል፣ አማርኛዬም አያምርም።

አሁንም የምሸነፍበት ቦታ አለ። አማርኛ የሚችል አባት አብሮ ሲመጣ «ተቅማጥ ነው፣ ትንሽ ደክሞታል» ይላል፤ ሲስተሯም በቀጥታ ስለገባት ትጽፋለች። እናትየው ልጁን ታቅፋ ከጎኑ ቆማለች። ልጁ ስንት ጊዜ ጡት ይዞ እንደለቀቀ የምታውቀው እሷ ናት፤ አባትየው ብዙ ጊዜ የሚናገረው የነገረችውን አሳጥሮ ነው። እሱን ይቅርታ ጠይቄ እሷን በኦሮምኛ ከመጀመሪያው መጠየቅ አለብኝ። ባሏን መሻር ይመስለኛል፤ ሰልፉም ይረዝማል፣ ካርድ ክፍሉም ይጠራኛል። እሷም ማንም ስላልጠየቃት ዝም ትላለች። ሰልፉ ረጅም በሆነበት ቀን ሳልጠይቃት ያሳለፍኋት እናት አለች፤ አንድም አይደለችም።